ስልክሽን ያየሽባቸው ሁለት ቦታዎች

ጥያቄ፦ «11ኛ ክፍል ነኝ። ለትምህርት ቤታችን መጽሔት ‹ፓስት ላይቭስ› የሚባለውን ድራማ ገምግሚ ተብዬ 600 ቃል ጻፍኩ። አርታኢያችን ‹ታሪኩን ነገርሽን፣ ግምገማው የታለ? ደግሞ ያለን ቦታ 400 ቃል ነው› ብላ መለሰችልኝ። የክበቡ ተጠሪ መምህር ሚዛናዊ ሁኚ ይሉኛል። ፊልሙን ወድጄዋለሁ፣ ግን ቀርፋፋ ነው። እውነቱን ለመናገር ሁለት ቦታ ላይ ስልኬን አይቻለሁ። ባለሙያ ሳልሆን እንዴት ፍርድ እሰጣለሁ? ከ10 ስንት ብሰጠው ይሻላል?»

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ቁጥሩን ተይው። ከ10 ሰባት ማለት ለአንዱ «ዛሬውኑ እየው» ነው፣ ለሌላው «ምንም አይልም» ነው። ተማሪ ደግሞ ቁጥር ሲያይ እንደ ፈተና ውጤት ነው የሚያነበው። 7 ካየ «ሦስቱን በምን ጣለ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ካልጻፍሽው ቁጥሩ ባዶ ነው፣ ከጻፍሽው ደግሞ ቁጥሩ አያስፈልግሽም። መጽሔቱ ግዴታ ኮከብ ስጡ የሚል ከሆነ ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ስጪ እንጂ ቁጥሩን ይዘሽ ለመጻፍ አትቀመጪ።

«ሚዛናዊ ሁኚ» የሚለውን ደግሞ ብዙ ሰው የሚረዳው አራት መስመር ሙገሳ፣ አራት መስመር ወቀሳ በሚል ነው። መምህርሽ ይህን ማለታቸው አይመስለኝም። እንደዚያ የተጻፈ ነገር መጨረሻው ሁሌ «ጥሩም ደካማም ጎን አለው» ነው፣ ይሄ ደግሞ ስለ ካፌው ሽሮም ይባላል። ሚዛናዊ መሆን ማለት ለምትይው ነገር ከፊልሙ ውስጥ ማስረጃ ማቅረብ ነው፤ ከአንቺ ሐሳብ ጋር የሚጋጨውንም ትዕይንት አለመደበቅ። ይህን ካደረግሽ በኋላ ፍርድሽ ወደ አንድ ወገን ቢያዘነብል ማንም አድሏዊ አይልሽም። እንዲያውም ማዘንበል አለበት።

«ባለሙያ አይደለሁም» ያልሽው ነገር አይያዝሽ። የመጽሔትሽ አንባቢ ስለ ሲኒማ ታሪክ ትምህርት አይፈልግም፤ ቅዳሜ ከሰዓት 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ለዚህ ፊልም ይስጥ ወይስ ኳስ ይይ ነው ጥያቄው። ለዚያ የሚያስፈልግሽ ፊልሙ ምን ሊያደርግ እንደሞከረ ማወቅ፣ አንቺ ላይ ሠራ ወይስ አልሠራም ብለሽ መወሰን፣ በምን እንደሠራም ማሳየት ነው። ሦስተኛው ነው ከባዱ።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። ከጻፍሽልኝ ሁሉ ዋጋ ያለው ነገር እሱ ነው፣ አንቺ ግን እንደ ኑዛዜ ነው ያቀረብሽው። ግምገማሽ ያለው እዚያ ነው። ፊልሙን ክፈቺና ሁለቱን ቦታዎች ብቻ እንደገና እይ። ደቂቃውን ወረቀት ላይ ያዢ። በዚያች ሰዓት ስክሪኑ ላይ ማን ነበር? ካሜራው ሳይቆረጥ ስንት ሰከንድ ቆየ? ከዚያ በፊት የነበረው ትዕይንትስ ምን ነግሮሽ ነበር? ይህን ሳታደርጊ «ቀርፋፋ» ብለሽ መጻፍ አትችይም። «ቀርፋፋ» ብቻውን ጥፋት አይደለም፣ ሙያም አይደለም። ፊልም ሁለት ዓይነት ቀርፋፋነት አለው። አንዱ ሰዎቹ እየጠበቁ ስለሆነ አንቺንም አብረሽ እንድትጠብቂ ሲያደርግሽ ነው። ሌላው የሚለውን ብሎ ጨርሶ ያንኑ ሲደግምልሽ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስሜት ይሰጡሻል፤ እጅሽ ወደ ኪስሽ ይገባል። የሚለያዩት ሁለተኛ ጊዜ ስታዪ ነው። «ይህን ትዕይንት በግማሽ ብቆርጠው የሚጎድል ነገር አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ከሌለ ጥፋቱ የፊልሙ ነው። ካለ፣ ሰልችቶሽ ሳይሆን ጨንቆሽ ሊሆን ይችላል።

የትኞቹ ቦታዎች እንደሆኑ አልነገርሽኝም፤ እኔ ልገምት። ለማያውቁት አንባቢዎች ፊልሙ ይሄ ነው። ሴሊን ሶንግ በ2023 እ.ኤ.አ. ያቀረበችው የመጀመሪያ ፊልሟ ነው። ሶል ውስጥ አብረው የሚማሩ ሁለት የ12 ዓመት ልጆች አሉ፣ ና ያንግ እና ሄ ሰንግ። የልጅቷ ቤተሰብ ወደ ካናዳ ይሄዳል፣ ስሟም ኖራ ይሆናል። ከ12 ዓመት በኋላ በፌስቡክ ተገናኝተው በስካይፕ ማውራት ይጀምራሉ፣ ያም ይቋረጣል። ሌላ 12 ዓመት ያልፍና እሷ ኒውዮርክ ውስጥ አርተር የሚባል ጸሐፊ አግብታ ስትኖር ሄ ሰንግ ሊያያት ይመጣል። በቃ፣ ታሪኩ አለቀ። ከዚህ በላይ ታሪክ ለመንገር መብት የለሽም፣ ቦታም የለሽም። 600 ቃልሽ የት እንደሄደ አሁን የገባሽ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ግምቴ የስካይፑ ክፍል ነው። እሷ ኒውዮርክ፣ እሱ ሶል፣ አንዱ ጋ ሲነጋ ሌላው ጋ ይመሻል። ፊት ስክሪን ላይ ደርቆ ይቀራል፣ ድምፅ ይቆራረጣል። ይህን ማንም ለአንቺ ማስረዳት የለበትም፤ ውጭ ካለ ዘመድ ጋር «ሰማሽኝ? ሃሎ? ጠፋሽ» እየተባባለ ያላደገ ልጅ በክፍልሽ ውስጥ የለም። መጀመሪያ ላይ መቆራረጡ ይሠራል፣ ርቀቱን በቃል ሳይነግሩሽ ያሳይሻል። ግን ይደጋገማል፣ እና ሲደጋገም አዲስ ነገር የምናውቀው በአብዛኛው ስለ እሷ ነው። የሽልማቱን ነገር አስተውለሻል? ልጅ ሆና ኖቤል ትመኛለች፣ በ24 ዓመቷ የአሜሪካውን ፑሊትዘር ትላለች፣ በመጨረሻ ኒውዮርክ ላይ ሲጠይቃት የቲያትር ሽልማቱን ቶኒ ትላለች። በሦስት ቃል የሴትዮዋን ዕድገት አየን፤ ሕልሟ ከዓለም ወደ አገር፣ ከአገር ወደ ምትኖርበት ከተማ መድረክ እየጠበበ፣ ምናልባትም ይበልጥ እውን ሊሆን ወደሚችል ነገር እየተጠጋ ሲመጣ። ስለ እሱስ? ወታደር ቤት ነበር፣ ምሕንድስና ይማራል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይጠጣል፣ ይጠብቃል። ፊልሙ ለእሱ የሰጠው ሥራ መጠበቅ ነው። እኔ ይህን ድክመት ነው የምለው። አንቺ ላትስማሚ ትችያለሽ፤ «ታሪኩ በእሷ ዓይን ስለሚታይ ሆን ተብሎ ነው» ብለሽ ልትከራከሪ ትችያለሽ፣ ያም ያስኬዳል። የማያስኬደው «መሀሉ ትንሽ ይሰለቻል» ብሎ ማለፍ ነው።

ሁለተኛው ግምቴ መጨረሻው አካባቢ ያለው የመንገዱ ትዕይንት ነው። (ፊልሙን ያላየ ሰው ይህን አንቀጽ ይዝለል።) ሄ ሰንግ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደውን መኪና ጠርቷል። ኖራ ልትሸኘው ወርዳለች። መኪናው ሁለት ደቂቃ ይቀረዋል። ቆመው ይተያያሉ፣ ማንም አይናገርም። ታሪክ ተከታትለሽ ለምታዪ ሰው እዚህ «ምንም እየሆነ አይደለም»። ግን መጀመሪያ አካባቢ ልጆች እያሉ የተለያዩበትን ሰፈር አስታውሺ። መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ እሷ ደረጃውን ትወጣለች፣ እሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ስንብቱ አንዲት ቃል ናት። ያ በሴኮንዶች ነው ያለቀው፣ በቅጡ ሳይሰነባበቱ። ከ24 ዓመት በኋላ ለዚያው ስንብት ሁለት ደቂቃ ተሰጣቸው። ግማሹን ብትቆርጪው የሚጎድል ነገር አለ ወይ? አለ። ሁለት ደቂቃ ረጅም እንደሆነ የምታውቂው ሲያልፍብሽ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ፊልም ውስጥ ሁለት ጊዜ ስልክሽን አይተሽ አንዱ የፊልሙ ጥፋት፣ አንዱ የፊልሙ ብርታት ሊሆን ይችላል። ይህን ከጻፍሽ ግምገማ ጻፍሽ።

ረቂቅሽን አላየሁትም፣ ግን «ተዋናዮቹ በጣም ጥሩ ተውነዋል፣ የካሜራው ሥራም ማራኪ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዳለበት እወራረዳለሁ። እኔም ጽፌዋለሁ። የመጀመሪያ ግምገማዬን ይዤ አንድ መጽሔት ቢሮ ስሄድ አዘጋጁ «ምስሉ ውብ ነው» የምትለዋን በቀይ ከበባትና ከጎኗ «የቱ?» ብሎ ብቻ ጽፎ መለሰልኝ። ቤቴ ገብቼ ባስብ ባስብ አንድም ምስል ትዝ አላለኝም። ፊልሙን ሳላየው ነው ያሞገስኩት ማለት ይቻላል። አንቺም በእያንዳንዱ ሙገሳና ወቀሳ ጎን «የቱ?» ብለሽ ጻፊ። መልስ ያጣሽበትን ሰርዢው።

ልዩነቱን ለማሳየት ያህል፣ «መጨረሻው ቀርፋፋ ቢሆንም ስሜት ይነካል» የሚለው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ሁለት ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው መኪና ይጠብቃሉ። ማንም አይናገርም። ስልኬን አውጥቼ ሰዓት አየሁ። ቀና ስል አሁንም እንደቆሙ ናቸው። ያኔ ነው ሰልችቶኝ ሳይሆን ማየት ከብዶኝ እንደሆነ የገባኝ።» ይህ 26 ቃል ነው። ቦታውን ያሳያል፣ ቀርፋፋነቱን አይደብቅም፣ ፍርዱም ውስጡ አለ። ማን እንደሚሄድና ማን እንደሚቀር ግን አልተናገረም። ተዋናዮቹንም በዚሁ መንገድ ያዢያቸው፤ ኖራን የምትጫወተው ግሬታ ሊ ኮሪያኛ ስትናገርና እንግሊዝኛ ስትናገር ፊቷ ላይ የሚለወጥ ነገር አለ ወይ ብለሽ ተመልከቺ፣ ካየሽ እሱን ጻፊ።

ታሪኩን እስከ የት መንገር ይቻላል ለሚለው የራሴን መስመር ልንገርሽ። ፊልሙ ከሚጀምርበት ሄ ሰንግ ኒውዮርክ እስከሚመጣበት ያለውን ነገር በነጻነት ተናገሪ። ከዚያ በኋላ ስላለው እነሱ ምን እንደሆኑ ሳይሆን አንቺ ምን እንደሆንሽ ነው የምትጽፊው። እንደ እድል ሆኖ ይህ ፊልም ጥሩ መግቢያ ሰጥቶሻል። የመጀመሪያው ትዕይንት ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ቡና ቤት ነው። ሦስት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ሴትዮዋ መሀል። እኛ የማናያቸው ሌሎች ደንበኞች ከሩቅ ሆነው «እነዚህ ምንና ምን ናቸው? ማን ነው ባሏ?» እያሉ ይገምታሉ። ፊልሙ ገና ሲጀምር አንቺን እንደ ሐሜተኛ ጎረቤት አስቀምጦሽ፣ በቀረው ሰዓት በችኮላ መፍረድሽን ያሳፍርሻል። በዚህ ጀምሪ። «በ2023 የወጣው ይህ ፊልም በ...» ብለሽ አትጀምሪ፤ ዓመተ ምሕረቱና የዳይሬክተሯ ስም ሁለተኛ አንቀጽ ላይ ይደርሳሉ።

ጥቂት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ።

ፊልሙን ያየሽው በትርጉም ከሆነ፣ ማለቴ ተራኪው በአማርኛ ከላይ እየተናገረ ከሆነ፣ ስለ ፍጥነቱ ምንም አትፍረጂ። ተራኪ ዝምታ አይወድም፤ ክፍተት ባየ ቁጥር የራሱን ቀልድ ይጨምርበታል። ይህ ፊልም ደግሞ ግማሽ ጉልበቱ ዝምታው ላይ ነው። ዋናውን ፈልጊ። ዋናውን ስታዪም ኮሪያኛውን የምትረጂው ከሥር በሚመጣው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስለሆነ፣ ሄ ሰንግን የሚጫወተው ቴዎ ዩ ኮሪያኛውን አሳምሮ ተናገረ ወይም አበላሸ ማለት አትችይም። ስለ ዓይኑ፣ ስለ እጁ፣ ዝም ስለሚልባቸው ቦታዎች ግን የፈለግሽውን ማለት ትችያለሽ። የማትችይውን ነገር አለመንካትም ሥራ ነው።

«ኢንዮን» የምትለዋን የኮሪያኛ ቃል ደግሞ «ዕድል» ብለሽ ተርጉመሽ አትለፊ። ኖራ ለአርተር ስታስረዳው፣ መንገድ ላይ የሁለት ሰዎች ልብስ እንኳ ቢነካካ ባለፈ ሕይወታቸው የሆነ ነገር ነበራቸው ማለት ነው፣ ሁለት ሰዎች ከተጋቡ ደግሞ በ8,000 ሕይወት ውስጥ 8,000 ንብርብር ተከማችቷል ማለት ነው ትለዋለች። ከዚያ ወዲያው ኮሪያውያን ይህን የሚሉት ሰው ለማማለል ነው ብላ ትቀልዳለች። ፊልሙ ሐሳቡን ከልቡ እየወሰደውም እየሳቀበትም ነው። እኛ ጋ «ያለው ነው፣ የተጻፈ ነው» የሚባለው ቅርብ ቢመስልም እሱ ወደፊት ነው የሚያየው፣ ይሄኛው ወደኋላ። በሁለት ዓረፍተ ነገር ይህን ካስቀመጥሽ ይበቃል።

የሄደች ጓደኛ ካለችሽ፣ መኖሯ አይቀርም፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ስጪያት። ሁለት አትስጪያት። በዲቪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ የሄደ ልጅ ባዶ ያስቀረው ወንበር ይህን ፊልም ለእናንተ ክፍል ቅርብ ያደርገዋል፣ ያን መጥቀስ ተገቢ ነው። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ግን ግምገማው ወደ ትዝታ ይዞራል፣ አርታኢሽም ትመልስልሻለች። ልክ ናት።

ፊልሙ ለኦስካር በምርጥ ፊልምና በምርጥ ድርሰት መታጨቱን መጥቀስ ከፈለግሽ አንዴ ጥቀሺ፣ ግን እንደ ማስረጃ አታቅርቢው። ሌሎች ስለወደዱት አንቺ ትወጃለሽ ማለት አይደለም። የሌሎችን ግምገማ የመጀመሪያ ረቂቅሽን ሳትጨርሺ አታንብቢ፤ አንዴ ካነበብሽ የእነሱ ቃል ከአፍሽ አይወጣም፣ አንባቢም የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ስሜታዊ ጥልቀት» ስትል ከየት እንዳመጣችው ወዲያው ያውቃል።

አሁን ፍርዱ። ፍርድሽን ለመጨረሻው መስመር አታስቀምጪ። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አንባቢ አቋምሽን ማወቅ አለበት፤ የቀረው ጽሑፍ ያን ማስረዳት ነው፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ለማን እንደሆነና ለማን እንዳልሆነ ትናገሪያለሽ። ባነበብኩት መሠረት ፍርድሽ ይህን የሚመስል ይመስለኛል፦ «እዩት። መሀሉ የአንዷን ብቻ ታሪክ ይነግራል፣ መጨረሻው ግን የሁለቱንም ይነግራል። ‹ትሄዳለች ወይስ ትቀራለች?› እያላችሁ ልብ ለመስቀል ከሆነ ግን ሌላ ፊልም ፈልጉ።» ቃሉን በራስሽ ለውጪው፣ «እዩት» የምትለዋን ግን አትንኪያት። «ቢታይ አይከፋም» ብለሽ እንዳታለዝቢያት። ፊልሙን ወድጄዋለሁ ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ፤ ስለዚህ ውሳኔው ካለቀ ቆይቷል፣ የፈራሽው መናገሩን ነው።

ቦታው ላይ ደግሞ እንዲህ አብቃቂው። የቡና ቤቱ መግቢያና ፍርድሽ 60 ቃል። ታሪኩ 60፣ ከዚያ አንዲት ቃል አይበልጥም። የመንገዱ ትዕይንት ወይም ሌላ አንቺን የያዘሽ ቦታ 120 ያህል፣ ዋናው ሥጋ እሱ ነው። የስካይፑ ክፍል ከነማስረጃው 80። የቀረው ለኢንዮን፣ ለጓደኛሽ ዓረፍተ ነገርና ለመዝጊያው ፍርድ ይበቃል። ከ400 ካለፈ መጀመሪያ ታሪኩን ቀንሺ፣ ቀጥሎ ቅጽሎችን፣ ትዕይንቶቹን አትንኪ። ስሞቹን ደግሞ አንዴ በመረጥሽው አጻጻፍ ጨርሺ፤ አንድ ገጽ ላይ «ሄ ሰንግ»፣ «ሀይ ሱንግ» እና «ሄሱንግ» ካሉ አንባቢሽ ሦስት ሰው ይፈልጋል።

መምህርሽ ሲያነቡት «ሚዛናዊነቱስ?» ካሉሽ የስካይፑን አንቀጽ አሳዪያቸው። ርዕሱን መጨረሻ ላይ አውጪው፣ «የመጨረሻው ስንብት» የሚል ነገር ብቻ እንዳትሰጪው፤ ተጠንቅቀሽ የጠበቅሽውን ነገር ርዕሱ አፍርጦ ያወጣብሻል።